በፊደል ወይስ በላቲን? ለማን በምን እንደምንጽፍ

አጎቴ 34 ዓመት አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ትልቅ ዝግጅት አደረገላቸው። ካባ አለበሷቸው፤ የድሮ ተማሪዎቻቸው እየተነሱ ተናገሩላቸው። እኔም ከአዳራሹ ሳልወጣ ቤሩት ለነበረችው ታላቅ እህቴ መልእክት ላክሁላት።

«Gashe zare tekeberu. Bizu sew neber. Etye alekesu.»

እኔ የጻፍኩት «ጋሼ ዛሬ ተከበሩ። ብዙ ሰው ነበር። እትዬ አለቀሱ» ነው። እሷ ያነበበችው ግን «ጋሼ ዛሬ ተቀበሩ» ብላ ነው። ቀጥሎ ያለው «ብዙ ሰው ነበር» ከቀብር ጋር ገጠመ። የእትዬ ለቅሶም ገጠመ። ስልኬ ድምፁ ተዘግቶ ስለነበር ደጋግማ ስትደውል አልሰማሁም። መልሼ ስደውልላት ከሰው ቤት ሥራ ላይ ሆና፣ ወጥ ቤት ተደብቃ እያለቀሰች ነበር።

ልዩነቱ አንድ ድምፅ ነው፤ «ከ» እና «ቀ»። በፊደል ብጽፈው ኖሮ ሦስት ሰከንድ ቢጨምርብኝ ነው። እህቴ ደግሞ ፊደል አሳምራ ታነባለች፤ ስልኳም ያሳያል። በላቲን የጻፍኩላት ጣቴ ስለለመደ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ መልእክት ከመላኬ በፊት ለማን በምን እንደምጽፍ ትንሽ አስባለሁ። የማስበውን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

1. መጀመሪያ፦ ተቀባዩ የቱን ማንበብ ይችላል?

ይህ ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ስልኩ ነው፤ ሌላው ዓይኑ።

ከስልኩ እንጀምር። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ የለመድነው ስልኮቻችን ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ነው። ፊደላችን ኮምፒውተርና ስልክ የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የያዝናቸው ባለቁልፍ ስልኮች አማርኛ አያውቁም ነበር። ዛሬም እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። በፊደል የላካችሁት ለእሱ የሚደርሰው የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ነው። ችግሩ ደግሞ ሰውየው ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ወይም እናንተን ላለማስቸገር ዝም ይላል። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ፣ «ሰላም» ብላችሁ ላኩና ደውሉ። «ደረሰህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መድረሱማ ይደርሳል። «ምን ተጽፎ ታያለህ?» በሉት።

በተራ የጽሑፍ መልእክት ለምትልኩ አንድ ነገር ልጨምር። በላቲን ብቻ የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደላት ይይዛል። ውስጡ አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባ ግን ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል። አንዷ «ሰ» ብቻ ብትሆንም ያው ነው። ስለዚህ ከ70 ያለፈው ተከፍሎ እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ይቆጠራል። ያም ሆኖ ኪሳራው እንደሚመስለው ትልቅ አይደለም፤ የእኛ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ የላቲን ሁለት ፊደል ስለሚተካ። «selam endet neh» ክፍተቱን ጨምሮ 15 ነው፤ «ሰላም እንዴት ነህ» ግን 11። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ይህ ሁሉ ስሌት የለም።

አሁን ወደ ዓይኑ እንምጣ። ዋሽንግተን አካባቢ የተወለደች የወንድም ልጅ አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ፊደል ግን ላትቆጥር ትችላለች። ለእሷ በፊደል መጻፍ በር እንደመዝጋት ነው። እስራኤል ያደጉት ወጣቶችም ብዙዎቹ የሚቀላቸው የዕብራይስጡ ፊደል ነው፤ አማርኛውን በጆሯቸው ነው የሚያውቁት። እዚያው ቤት ያሉት ወላጆቻቸው ደግሞ ተቃራኒው ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ዓይነት ጽሑፍ መላክ አይሠራም።

የማይረሳ ሌላም አለ። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው። በቁቤ የተማረ ሰው ለላቲን ፊደላት የራሱ ንባብ አለው። ለእሱ «x» ማለት ጥ ነው፤ «c» ማለት ጭ ነው፤ «q» ደግሞ ቅ ነው። አማርኛ ለምትጽፉለት ኦሮምኛ ተናጋሪ ጓደኛችሁ ላቲን የቀልድና የጥድፊያ ፊደል አይደለም። ትምህርት ቤት የተማረበት ፊደል ነው። እኛ ላቲን ስናይ የሚሰማን ቀለል ማለት ለእሱ ላይሰማው ይችላል። እንዴት እንደሚቀለው መጠየቅ ነውር የለውም።

2. ቀጥሎ፦ ወሬው ምን ያህል ይከብዳል?

ተቀባዩ ሁለቱንም ማንበብ የሚችል ከሆነ ምርጫው የእናንተ ነው። እዚህ ላይ የሚወስነው ወሬው ነው።

«Yet nesh? Dershalehu» ለማለት ፊደል መፈለግ አያስፈልግም። በላቲን የተጻፈ መልእክት የንግግር ጠባይ አለው። እየሮጠ የተባለ፣ ተሰምቶ የሚረሳ ነገር ይመስላል። ለቀጠሮ፣ ለጨዋታ፣ ለ«eshi» እና ለ«ayzosh» ይህ ጠባዩ ጥሩ ነው። ጓደኛ ለጓደኛ ሲጽፍ የማይጨናነቀውም ለዚህ ነው።

ለሐዘን ግን በላቲን አትጻፉ። «Nefs yimar» የሚለውን መልእክት ሐዘንተኛ ቤት ተቀምጬ ተቀብዬ አውቃለሁ። የላከው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ምናልባትም ከማንም በፊት የላከው እሱ ነው። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሳየው አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ በስንት ሰው አፍ ተብሎ እዚህ የደረሰ ቃል ነው። በለመድነው መልኩ ሲመጣ ደረት ላይ ያርፋል። በላቲን ሲመጣ ግን መጀመሪያ መፍታት አለብኝ፤ ያዘነ ሰው ደግሞ መፍታት አይፈልግም።

ይቅርታም እንደዚያው ነው። «yikrta eshi» የመንገድ ላይ ይቅርታ ነው፤ ትከሻ ገፍቶ እንደማለፍ ላለ ነገር ይበቃል። ሰው ካስቀየማችሁ ግን ቁጭ ብላችሁ በፊደል ጻፉት። ሰውየው የሚያየው ቃሉን ብቻ አይደለም። እንደተቀመጣችሁ፣ እንዳሰባችሁበትም ያያል። የሠርግ ጥሪ፣ የሽምግልና ጉዳይ፣ የገንዘብ ብድር ጥያቄና ለአለቃ የሚጻፍ ሁሉ ከዚሁ ወገን ነው።

የበዓል መልካም ምኞት መሃል ላይ ይቆማል። ለእኩያ «enkuan aderesesh» ቢባል ማንም አይከፋውም። ለአባት ጓደኛ ግን «እንኳን አደረሰዎ» በፊደል ይሁን። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

3. አክብሮቱ የት እንዳለ ተመልከቱ

አማርኛ ውስጥ አክብሮት ብዙ ጊዜ የሚኖረው ቃሉ መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት ድምፅ ነው። «ይምጣ» ሌላ ነው፤ «ይምጡ» ሌላ ነው። «አደረ» እና «አደሩ»ም እንደዚያ። በፊደል ስንጽፍ ይህች ድምፅ ልትጠፋ አትችልም። ከፊደሉ ጋር ተጣብቃ ነው የምትመጣው፤ «ጡ» ብላችሁ ካልጻፋችሁ ቃሉ የለም።

በላቲን ስንጽፍ ግን ለመፍጠን መጀመሪያ የምንጥለው አናባቢውን ነው። «selam» «slm» ይሆናል፤ «dehna neh» «dna nh» ይሆናል። በዚሁ ልማድ «ይምጡ» «ymt» ሆኖ ቁጭ ይላል። አንባቢው «ይምጣ» ይበለው «ይምጡ» የሚያውቅበት የለም። እኛ አክብረን አስበናል፤ አክብሮቷን የተሸከመችው ድምፅ ግን መንገድ ላይ ወድቃለች። ትልልቅ ሰዎች «በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ልጆች ይንቁናል» ሲሉ የምሰማው፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ፊደሉ ራሱ አይንቅም። ያሳጠርነው ነው የሚንቀው።

ስለዚህ «እርስዎ» ለምትሉት ሰው የእኔ ደንብ ግልጽ ነው። ስልኩ ፊደል የሚያሳይ ከሆነና ፊደል የሚያነብ ከሆነ በፊደል ጻፉ። ስልኩ የማያሳይ ከሆነ ደውሉ። መደወል ካልተቻለና በላቲን መጻፍ ግድ ከሆነ፣ አንዲትም አናባቢ አትጣሉ። «Endemin aderu? Bedehna derishalehu, aysegu» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉት። «እንዴት ኖት» ለማለት «endet not» አትበሉ፤ «not» ዓይን ላይ እንግሊዝኛ ሆኖ ነው የሚታየው። «endet newot» ይሻላል።

ጥሪው ላይም ተጠንቀቁ። መልእክቱ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ወይም «አባባ» ብሎ ከጀመረ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ ሁሉ አብሮት መሄድ አለበት። በላቲን ስንሮጥ «Gashe, mta» ዓይነት ነገር ያመልጠናል። በቃል ቢሆን በሕይወታችን የማንለውን ነው የምንጽፈው።

4. በፊደል ከሆነ

በአንድሮይድ ስልክ Gboard ካላችሁ፣ ቅንብሩ ውስጥ Languages፣ ከዚያ Add Keyboard፣ ከዚያ Amharic የሚለውን መርጣችሁ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ የሉል ምልክቷን በመንካት ከላቲን ወደ ፊደል ትዘላላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ይዘገያል። ለሐዘን ቀን ቸኩሎ ከመማር በሰላም ቀን መልመዱ ይሻላል።

ለትልልቅ ሰዎች ስትጽፉ ሞክሼ ፊደላቱን አትናቁ። «እግዚአብሔር»ን በዚህ «ሔ»፣ «ሥላሴ»ን በንጉሡ «ሠ»፣ «ፀሐይ»ን በ«ሐመሩ ሐ» ጽፎ ያደገ ሰው፣ «እግዚያብሄር» ሲያይ ዓይኑን ያመዋል። የቄስ ትምህርት የቀመሰ አንባቢ ከሆነ ደግሞ «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥለው፣ «ሰአሊ» ደግሞ «ለምኚ» ማለት መሆኑን ያውቃል። ለእኩያ ይህ ሁሉ ላያስጨንቅ ይችላል። ለእነሱ ግን የጨዋነት ምልክት ነው። የሰው ስም ላይማ ለሁሉም ተጠንቀቁ፤ ሰውየው ስሙን «ኃይሉ» ብሎ የሚጽፍ ከሆነ «ሀይሉ» አትበሉት።

አራት ነጥብ በጽሑፍ ወግ ግድ ነው። በአጭር የስልክ ጨዋታ ላይ ግን ከበድ ይላል። ሁልጊዜ «eshi» የምትለዋ ጓደኛ አንድ ቀን «እሺ።» ብላ ብትልክ ልባችሁ ደንገጥ ይላል። ያው ቃል ነው። ፊደሉና አራት ነጥቡ አንድ ላይ ሲመጡ ግን በር ሲዘጋ የሚሰማውን ድምፅ ያሰማሉ። ተቆጥታ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት አዲስ ስልክ ገዝታ ነው። እናንተ በላኪው ቦታ ስትሆኑ ግን ይህን አስቡት። በላቲን ስትጫወቱ የኖራችሁትን ሰው በድንገት ወደ ፊደል ስትወስዱት «ምን አጠፋሁ?» እንዳይል፣ ከፊት አንድ ለስለስ ያለ ቃል አስቀድሙ። «የኔ ቆንጆ» ወይም «ስሚኝማ» ይበቃል።

ፊደልም የራሱ ጉድለት አለው፤ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «መቼ ነው የምትመጣው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ «ገና» የሚል መልስ ቢመጣ፣ ሰውየው ለገና በዓል ሊመጣ ነው ወይስ ገና አልወሰነም? በቃል ቢሆን አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። በጽሑፍ ግን አንድ ናቸው። እዚህ ላይ መፍትሔው «ለገና በዓል» ወይም «ገና አልታወቀም» ብሎ አንድ ቃል መጨመር ነው።

5. በላቲን ከሆነ

እኔን ያሰናከለኝ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ላቲን የሌላቸው የእኛ ድምፆች ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ ናቸው። እነዚህን ከከ፣ ከተ፣ ከቸ፣ ከሰ እና ከፐ ጋር ስንቀላቅላቸው ነው ቃል የሚጠፋው። «Abate meta» ምንድን ነው? አባቴ መጣ ወይስ አባቴ መታ? «tefa» የሚለውስ? ጠፋ ወይስ ተፋ? አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያው ያለው ወሬ ይፈታዋል። አደገኛው እንደ እኔ መልእክት ዙሪያው ለሁለቱም ሲገጥም ነው።

መጀመሪያ የምመክረው ለ«ቀ» ሁልጊዜ «q» መጠቀም ነው። «Qebere» እና «kebere» ከተለያዩ ግማሹ ጣጣ ያልቃል። ለሁሉም ይገባል፤ በቁቤ ለተማረውም እንግዳ አይሆንበትም። ለ«ጠ» እና ለ«ጨ» ኮምፒውተር ላይ አማርኛ መጻፍ የጀመሩ ሰዎች ትልቁን ፊደል ይጠቀሙ ነበር፤ «meTa» ማለት መጣ ነው፣ «meta» ማለት መታ። ይህን የሚያውቅ ካወቀ ጥሩ ነው። የማያውቅ ግን ጣታችሁ የተሳሳተ ይመስለዋል። ስለዚህ ለጠ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። አንድ ቃል መጨመር። «Abate ke sira meta» ካላችሁ ማንም ዱላ አያስብም። ወይም ተቀባዩ ፊደል የሚያነብ ከሆነ አሻሚዋን ቃል ብቻ በፊደል አስገቧት፤ «abate መጣ»። እንዲህ ቀላቅሎ መጻፍ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሁለተኛው ጣጣ «e» ናት። በአንድ ፊደል «ነ»ንም፣ «ኔ»ንም፣ «እ»ንም እንጽፋለን። ቢያንስ «እ»ን በ«i» አድርጉት። «ምን» «min» ይሁን እንጂ «men» አይሁን። «ጥቁር» «tiqur» ይሁን። ውጭ አገር ላደገ ልጅ ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። እሱ ላቲኑን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ልማድ ነው፤ «new» ሲያይ «ኒው» ይላል፣ «were» ሲያይ «ወሬ» አይመጣለትም። ስልኩም አይረዳችሁም። «ende» ብላችሁ ስትጽፉ «ended» ሊያደርግባችሁ ይችላል። ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብቡት።

ላቲን ከራሱ ጋር ይዟቸው የሚመጣ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አንዱ እንግሊዝኛው ነው። ሰሌዳ መቀየር ስለማያስፈልግ ሳናውቀው ግማሹ ወሬ እንግሊዝኛ ይሆናል። ለእኩያ ምንም አይደለም። ሌላው ሰዓቱ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በፊደል «ጠዋት 3 ሰዓት» ስትሉ ማንም ይገባዋል። በላቲን «3 seat» ብላችሁ ለውጭ ሰው ስትልኩ ግን፣ የፈረንጁን ሦስት ሰዓት ሊወስደው ይችላል። ቀኑም እንደዚሁ፤ በፊደል «ግንቦት 5»፣ በላቲን ደግሞ «May» እያለ ነው አንባቢው የሚጠብቀው። ፊደሉን ስትቀይሩ ሰዓቱንና ቀኑንም አብራችሁ ቀይሩ።

በተቃራኒው፣ በፊደል በተጻፈ መልእክት ውስጥም በላቲን መቅረት ያለበት ነገር አለ። ገንዘብ ለመላክ ወይም ትኬት ለመቁረጥ ስም ሲጠየቁ፣ ስሙን በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በላቲን፣ ፊደል በፊደል ጻፉት። «ፀሐይ» አንዱ ጋ «Tsehay» ነው፤ ሌላው ጋ «Tsehai»። በፊደል ልካችሁለት እሱ በመሰለው ከቀየረው ገንዘቡ ባንክ ላይ ይቆማል።

6. አንድ ወሬ፣ አራት ሰው

ባለፈው ግንቦት እናቴ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ነበራት። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ለአራት ሰው መንገር ነበረብኝ።

የመጀመሪያዋ ደብረ ማርቆስ ያሉት የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ቴሌግራም አላቸው፤ ስልኩን ልጃቸው ገዝታላቸው ነው። ቀስ ብለው ያነባሉ፤ አንብበው ደግሞ ለጎረቤት ያነቡታል። እንዲህ ጻፍኩላቸው፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እማዬ ሐሙስ ጠዋት ዓይኗን ልትታከም ነው። ሐኪሙ ቀላል ነው ብሎናል፤ በዕለቱ ወደ ቤት ትመለሳለች። አይስጉ። በጸሎትዎ ያስቧት።»

«ቀዶ ሕክምና» የሚለውን ሆን ብዬ ተውኩት። በጽሑፍ ብቻውን ሲታይ ያስፈራል። ማታ ደውዬ በቃል ነገርኳቸው።

ሁለተኛው አለቃዬ ናቸው። እሳቸው ሁለቱንም ያነባሉ፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በላቲን ሲጻጻፉም አያለሁ። ፈቃድ ግን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ በፊደል።

«ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ጠዋት እናቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና ስላላት አብሬያት መሆን ይኖርብኛል። የአንድ ቀን ፈቃድ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዓርብ በሰዓቴ እገባለሁ።»

እሳቸው «Eshi, egziabher yimarat» ብለው በላቲን መለሱልኝ። ይህ የእሳቸው መብት ነው፤ በዕድሜም በሥልጣንም በላይ ያለ ሰው ቀለል ሲያደርግ ወዳጅነት ነው። እኔ ግን «አመሰግናለሁ» ስል በፊደል ቀጠልኩ። መጀመሪያ በምን እንደተጻፈልን ማየት ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ መከተል ግን ግድ አይደለም።

ሦስተኛዋ ጓደኛዬ ናት። ሐሙስ ልንገናኝ ነበር።

«Hamus emaye aynuan operation nat, qetero wede qidame nashagrew?»

ተመልከቱ፤ እዚህ ላይ እንግሊዝኛም ገባ፣ ሰላምታም የለም። ለእሷ ይህ ምንም አይጎድለውም። በፊደል «ቀጠሯችንን ወደ ቅዳሜ ብናሸጋግረው» ብላት፣ ደንግጣ «ምን ሆንሽ?» ብላ ትደውል ነበር።

አራተኛዋ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የወንድሜ ልጅ ናት። 16 ዓመቷ ነው። አያቷን በጣም ትወዳለች። አማርኛ ትሰማለች፤ ፊደል አልተማረችም። መጀመሪያ የጻፍኩት ለጓደኛዬ በጻፍኩት መንገድ ነበር፤ «emye hmus 3 seat aynua ltsera nw»። ደግሜ ሳነበው ለእሷ ምኑም እንደማይገባት አየሁ። አናባቢው የለም። ሰዓቱ የእኛ ነው። «ሐሙስ» የሚለውን ቀን ደግሞ ታውቀው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። እንደገና ጻፍኩት፦

«Selam yene qonjo. Emaye Thursday aynwan tittakemalech. 9 AM be Addis Ababa, be inante lelit 2 AM. Hakimu ayasferam bilwal. Ayzosh, atasibi. Wednesday mata dewyilat, des yilatal.»

አረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። አናባቢዎቹ ሁሉ አሉ። በግንቦት የእነሱ ሰዓት ከእኛ በ7 ሰዓት ስለሚያንስ የሌሊቱን ሰዓት አስልቼ ጻፍኩላት፤ አለዚያ ሐሙስ ጠዋት ከትምህርት ቤት ስትደውል ሁሉ ነገር አልቆ ነው የምታገኘው። «des yilatal» የሚለው ቤት ውስጥ በየቀኑ የምትሰማው ቃል ስለሆነ ጮክ ብላ ስታነበው ይገባታል። ላቲን ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ዓይን ሳይሆን ለጆሮ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ከመላኬ በፊት እኔም ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ረቡዕ ማታ ደወለች። ከእማዬ ጋር አውርታ ስታበቃ እማዬ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ልጅቷም «አይዞሽ የሚለው በፊደል እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለችኝ። በስልኬ ጻፍኩና ላክሁላት፤ ከላይ «አይዞሽ»፣ ከሥሩ «Ayzosh»። ከዚያ ወዲህ ለእሷ የምልካቸው መልእክቶች ሁሉ እንዲህ ሁለት መስመር ናቸው። የላይኛውን ከታችኛው ጋር እያመሳከረች ታነበዋለች። እስካሁን «ሰ»ን፣ «ላ»ን እና «ም»ን ለይታለች፤ «ሸ»ን ከ«ሰ» መለየት ላይ ነን።